ሰኞ ወደ ሥራ ከመግባትዎ በፊት

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፦

የምኖረው በእንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። በአንድ የአረጋውያን ኬር ሆም ሲኒየር ኬረር ሆኜ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከሰባት ወር በፊት ምክትል ማናጀራችን ሲለቅ በቦታው ሰው አልተቀጠረም። ሮታ ማውጣቱ፣ መድኃኒት ማዘዙ፣ ከቤተሰቦች ጋር መነጋገሩ ሁሉ ከራሴ ሺፍት ላይ ተደርቦ እኔ ላይ ወደቀ። ሰው ሲቀርም በዕረፍት ቀኔ የሚደወለው ለእኔ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፤ አንድ ቀን የአንዷን እናት መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ ስል ባልደረባዬ ደረሰችልኝ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት መኪናዬን በር ላይ አቁሜ እያለቀስኩ መግባት አቃተኝ። ጂፒዬ “በሥራ ምክንያት የመጣ ጭንቀት” ብሎ የሦስት ሳምንት ወረቀት ጻፈልኝ፤ ሰኞ እመለሳለሁ። ማናጀሬ ደውላ “አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ፤ ነፃ የምክር አገልግሎት ስልክ አለን፣ ደውዪላቸው” አለችኝ፤ ስለ ሥራው ግን ምንም አላነሳችም። ባለቤቴ ልቀቂው ይላል፤ እኅቴ ደግሞ “ዝም በዪ፣ ፋይልሽ ይበላሻል” ትለኛለች። አሠሪዬ በእርግጥ ግዴታ አለበት ወይስ የራሴ ድካም ነው ብዬ ልቻለው?

የሊድሷ

*

ውድ እኅቴ፦

ግዴታ አለበት። ከሦስት ሳምንት በፊት ከነበረው ይልቅ ደግሞ ዛሬ የከበደ ግዴታ አለበት፤ ምክንያቱም አሁን ያውቃል። በእንግሊዝ ሕግ በሥራ ጭንቀት ጉዳይ ሁሉም ነገር የሚዞረው አሠሪው ምን ያውቅ ነበር፣ ምንስ ማወቅ ነበረበት በሚለው ጥያቄ ላይ ስለሆነ፣ ያ የሐኪም ወረቀት ለአሠሪዎ ከቀሪ ማስረጃነት ያለፈ ትርጉም አለው። ከዚያ ወረቀት በኋላ የሚደርስብዎትን ነገር “አልጠበቅሁትም ነበር” ብሎ ማለፍ እጅግ ይቸግረዋል።

ግዴታው ከሁለት ቦታ ይመነጫል። አንደኛው የ1974ቱ የሥራ ቦታ ጤናና ደኅንነት ሕግ ነው፤ አሠሪ በተቻለው መጠን የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ ያዝዛል፣ ጤና ሲባልም አእምሮን ይጨምራል። ይህን ተከትሎ የወጣው የ1999 ደንብ ደግሞ አሠሪው አደጋውን አስቀድሞ እንዲመዝን፣ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለውም ያገኘውን በጽሑፍ እንዲይዝ ይጠይቃል። ይህ ማንም ሳይታመም በፊት መሠራት ያለበት ነው። ሁለተኛው በዳኞች ውሳኔ የዳበረው የጥንቃቄ ግዴታ ሲሆን፣ ሰው ከተጎዳ በኋላ ካሣ የሚጠየቅበት መንገድ ነው። ይህኛው ሰዎች ከሚያስቡት የጠበበ በር ስላለው ሳያሳምሩ መናገር ያስፈልጋል። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2002 ሐተን በተባለው መዝገብ እንዳለው፣ አሠሪ አንድ ሠራተኛ የሥራውን የተለመደ ጫና ይችለዋል ብሎ መገመት ይፈቀድለታል፤ ይህ ግምት የሚፈርሰው ችግሩን ካወቀ ወይም ምልክቱ ማንም አስተዋይ አሠሪ ሊያልፈው የማይችለው ያህል ግልጽ ከሆነ ነው። እንግዲህ የእኅትዎን ምክር በዚህ ይመዝኑት። ከፍቅር የመጣ ምክር እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ብዙዎቻችን በሰው አገር ሥራ የያዝነው አንገት ደፍተን ነው። ነገር ግን በዚህ አገር ሕግ ዝምታ የሚጠብቀው አሠሪውን እንጂ ሠራተኛውን አይደለም።

ከእርስዎ ጋር የሚቀራረብ አንድ ጉዳይ ላጫውትዎ። ጆን ዎከር በሰሜን እንግሊዝ ኖርዘምበርላንድ አውራጃ፣ በአካባቢው ምክር ቤት ሥር የማኅበራዊ አገልግሎት ኃላፊ ነበር። አራት የመስክ ሠራተኞች ቡድኖችን ይመራል፤ የሚመጣው የሕፃናት ጥቃት ጉዳይ እየበዛ ሲሄድ የሰው ኃይሉ ግን ባለበት ቆመ። በኅዳር 1986 አእምሮው ታወከና ከሥራ ቀረ። በመጋቢት 1987 ሲመለስ ረዳት እንደሚመደብለት ቃል ተገባለት፤ ረዳቱም መጣ፣ ነገር ግን አንድ ወር ያህል ቆይቶ ወደ ሌላ ሥራ ተነሣበት። እርሱ በሌለበት የተጠራቀመው ሥራም እዚያው ይጠብቀው ነበር። በመስከረም ዳግመኛ ታመመ፤ በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ በጤና ምክንያት ተሰናበተ። ፍርድ ቤቱ ለመጀመሪያው ሕመም አሠሪውን ተጠያቂ አላደረገም፤ ማንም ያንን ሊገምት አይችልም ነበር አለ። ለሁለተኛው ግን ተጠያቂ አደረገው፤ አንድ ጊዜ የሰበረውን ሸክም መልሶ ያለ ረዳት ማሸከም እንደገና እንደሚሰብረው መታወቅ ነበረበትና። ጉዳዩ ይግባኝ ተብሎበት ሳለ በ175,000 ፓውንድ በስምምነት አለቀ።

ከዚህ ታሪክ ለእርስዎ የሚጠቅመው ገንዘቡ አይደለም፤ ገንዘቡ የመጣው ሰውየው መሥራት ካቃተው በኋላ ነው። የሚጠቅምዎ፣ የዎከር ጉዳይ የተወሰነበት ቦታ በመጀመሪያው ሕመምና በሁለተኛው መካከል ያለው የመመለሻ ወቅት መሆኑን ማወቁ ነው። እርስዎ አሁን ያሉት ልክ እዚያ ላይ ነው።

“ሦስት ሳምንት ምን አላት፣ ማናጀሬ እንደ ተራ ጉንፋን ብታየውስ?” ብለው ያስቡ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው የባርበር ጉዳይ ነው። ባርበር በሶመርሴት የሒሳብ መምህር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ መዋቅር ሲቀይር ደመወዙ እንዳይቀንስ ተጨማሪ ኃላፊነት ደርቦ ያዘና በሳምንት ከ61 እስከ 70 ሰዓት ይሠራ ጀመር። በግንቦት 1996 ሐኪሙ ጭንቀትና ድባቴ ብሎ ጽፎለት ሦስት ሳምንት ቀረ። ተመልሶ ለርዕሰ መምህሯና ለምክትሎቹ ሥራው ከአቅሙ በላይ እንደሆነ ነገራቸው፤ ሁሉም በሥራ ተወጥረዋል ተባለ እንጂ የተቀነሰለት ነገር አልነበረም። በኅዳር ፈጽሞ ከሥራ ወጣ። በ2004 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ለእርሱ ፈረደ፤ በውሳኔውም ሲመለስ ቢያንስ አለቆቹ ራሳቸው ቀድመው ስለ ችግሩ ሊጠይቁት፣ ምን ማቃለል እንደሚቻልም ሊያዩ ይገባ እንደነበር ተገለጸ። ዳኞቹ ጉዳዩ ጫፍ ላይ ያለ እንደሆነ አልደበቁም፤ ባርበር ተመልሶ ባይናገር ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ስልክ ቁጥሩ እንምጣ። የምክር አገልግሎቱን አይናቁት፤ ነፃ ከሆነና ምስጢር የሚጠበቅ ከሆነ ይጠቀሙበት። ያም ሆኖ ማናጀርዎ ቁጥሩን በመስጠቷ ብቻ ግዴታዋን ተወጥታለች ማለት አይደለም። የ2002ቱ ፍርድ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ አሠሪ ጥፋተኛ የመባል ዕድሉ ጠባብ ነው የሚል አንቀጽ ስላለበት፣ ብዙ ድርጅቶች ስልክ ገዝተው ተኝተው ነበር። በ2007 ግን በኢንቴል ኩባንያ ትሠራ የነበረች ዶው የተባለች ባለሙያ ጉዳይ ይህን አረመው። ሥራው እንደበዛባት ደጋግማ ጽፋ ነበር፤ አለቃዋ ጠረጴዛዋ ላይ ስታለቅስ አግኝቷታል፤ ረዳት ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ኩባንያው የምክር አገልግሎት ነበረን ብሎ ሲከራከር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አማካሪ ሥራን ሊቀንስ አይችልም፣ ይህን ማድረግ የሚችለው አለቃ ነው በሚል አስተያየት ክርክሩን አልተቀበለውም። በእርስዎም ቤት እንቅልፍ የነሣዎት የተለቀቀው የምክትል ማናጀር ወንበር ነው፤ ያንን ወንበር የስልክ አማካሪ አይሞላውም።

ታዲያ ግዴታው በተግባር ምን ይመስላል? ኤችኤስኢ የሚባለው የጤናና ደኅንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አሠሪዎች እንዲመረምሩ የሚያሳስባቸው ስድስት ነገሮች አሉ፦ የሥራው ብዛት፣ በሥራው ላይ ያለዎት ቁጥጥር፣ የሚያገኙት ድጋፍ፣ ከሰዎች ጋር ያለው ግንኙነት፣ የድርሻዎ ግልጽነትና ለውጥ የሚመራበት መንገድ። በደብዳቤዎ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ ጎልተው ይታያሉ፦ ሥራው በዝቷል፣ ሲኒየር ኬረር ይሁኑ ምክትል ማናጀር ድርሻዎ አይታወቅም፣ አንድ ሰው ሲለቅ የመጣው ለውጥም ማንም ሳይመራው በእርስዎ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። እውነተኛ የጭንቀት አደጋ ግምገማ ማለት ማናጀርዎ ከእርስዎ ጋር ተቀምጣ፣ የለቀቀውን ሰው ሥራዎች አንድ በአንድ ዘርዝራ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ከሰኞ ጀምሮ ማን እንደሚሠራው፣ እስከ መቼና እንደገና የሚታይበትን ቀን የምትጽፍበት ወረቀት ነው። ለምሳሌ ሮታው ወደ ማናጀሯ ይመለሳል፤ የመድኃኒት ትእዛዙን ሌላዋ ሲኒየር ትይዛለች፤ ሰው ሲቀር የሚደወለው በዕለቱ ተረኛ ለሆነው ነው፣ ካልተገኘ ከኤጀንሲ ሰው ይጠራል። የይስሙላውን ግምገማ ለመለየት ደግሞ አያዳግትም፦ እርስዎ ሳይኖሩ ተሞልቶ ለፊርማ ብቻ ይቀርባል፤ “የሚወሰድ እርምጃ” በሚለው ሥር ያለው ሁሉ እርስዎ የሚያደርጉት ነው፤ ይረፉ፣ ይደውሉ፣ ጠንካራ ይሁኑ። እንዲህ ያለውን ከመፈረምዎ በፊት ሐሳብዎን ይጻፉበት።

ሰኞ ከመድረሱ በፊት ሁለት ነገሮች እንዲያደርጉ እመክራለሁ። የመጀመሪያው ለማናጀርዎ አጭር ኢሜይል መጻፍ ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ቃል፣ ያለ ወቀሳ። ከሰባት ወር ወዲህ የተደረቡብዎትን ሥራዎች በስማቸው ይጥቀሱ፤ ሐኪምዎ ሕመምዎን ከሥራ ጋር እንዳያያዘው ይጻፉ፤ በዚያው የሥራ መጠን ከተመለሱ ዳግመኛ እንደሚታመሙ ስጋት እንዳለዎት ይናገሩ፤ ሺፍት ከመጀመርዎ በፊት የመመለሻ ውይይትና የጭንቀት አደጋ ግምገማ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ። የመድኃኒቱን ነገርም አይዝለሉት። ይህን ማንሣት እንደሚያስፈራዎ እገምታለሁ፤ ነገር ግን ያ ቀን የተደራረበ ሥራ ለነዋሪዎቹም አደጋ እንደሆነ ያሳያል፤ የኬር ሆሞች ተቆጣጣሪም በቂ ሠራተኛ መኖሩን ይጠይቃል። የ1974ቱ ሕግ እርስዎም ለራስዎና ለሌሎች ደኅንነት እንዲጠነቀቁ ያዝዛልና መናገርዎ ግዴታዎን መወጣት ነው። በቤቱ የስሕተት መመዝገቢያ ላይ ገና ካልሰፈረ፣ እንደ ደንቡ እንዲሰፍር ያድርጉ። የኢሜይሉን ቅጂ በግል አድራሻዎ ያስቀምጡ፤ የነዋሪዎችን ስም ግን አያስገቡበት።

ሁለተኛው ወደ ጂፒዎ መመለስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ እንቅልፍዎ ተመልሷል? የሕንፃውን በር ሲያስቡ ልብዎ ይመታል? መልሱ ካላማረዎት ሰኞ መመለስ አለብኝ ብለው ራስዎን አያስገድዱ፤ ወረቀቱ ሊራዘም ይችላል። መመለስ ከቻሉም ሐኪሙ “መሥራት አይችልም” ከሚለው ሌላ “በሚከተለው ሁኔታ ሊሠራ ይችላል” የሚል ምርጫ አለው፤ በእርሱ ሥር ቀስ በቀስ መመለስን፣ የሥራ ሰዓት ለውጥን፣ የሥራ ዓይነት ለውጥን ወይም የሥራ ቦታ ማስተካከያን ማመልከት ይችላል። ይህ ምክር አሠሪውን በቀጥታ አያስገድድም፤ ነገር ግን ማስተካከያውን ማድረግ ካልቻለ መሥራት እንደማይችሉ ተቆጥሮ በሕመም ፈቃድዎ ይቀጥላሉ። ለሐኪምዎ ሁሉንም ይንገሩት፤ ማልቀሱንም፣ አለመተኛቱንም። የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውት የሚባለውን በሥራ ብዛት መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ መዘገበው እንጂ በሕመምነት አልመዘገበውም፤ የካሣ ጥያቄ ደግሞ ሐኪም በስሙ የሚያውቀው ሕመም፣ እንደ ድባቴ ወይም የጭንቀት መታወክ ያለ፣ ይፈልጋል። ሕመሙ ካለ በትክክል መመርመሩና መጻፉ ለሕክምናዎም ለመብትዎም ያስፈልጋል።

ቀስ በቀስ መመለስ ሲባል፣ ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት አጭር ሺፍት፣ በሁለተኛው ሦስት እያሉ በአራት ወይም በስድስት ሳምንት ወደ ሙሉ ሰዓት መድረስ ነው። ላልሠሩት ሰዓት ደመወዝ መከፈሉ በውልዎ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የተጠራቀመ የዓመት ዕረፍት ካለዎት ክፍተቱን ለመሙላት አንዳንዶች ይጠቀሙበታል። ሰዓቱ ቀንሶ ሥራው ካልቀነሰ ግን የአምስት ቀኑን በሁለት ቀን እንዲሠሩ ተፈረደብዎት ማለት ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የሺፍቱን አደራደርም ይዩት፦ ማታ አራት ሰዓት ወጥተው ጠዋት አንድ ሰዓት ከገቡ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ አርፈዋል፣ ሕጉ ግን በመርሕ ደረጃ 11 ሰዓት ይላል። እንደ ኬር ሆም ባሉ ቦታዎች ከዚህ መውጣት ቢፈቀድም በምትኩ የማካካሻ ዕረፍት መሰጠት አለበት። በሳምንት በአማካይ ከ48 ሰዓት በላይ ለመሥራት ስምምነት ፈርመው ከነበረም በጽሑፍ አሳውቀው ሊሰርዙት ይችላሉ፤ ማስጠንቀቂያው እንደ ስምምነቱ ከሰባት ቀን እስከ ሦስት ወር ነው።

ማናጀርዎ ክፉ ሰው ነች የሚል ስሜት ከደብዳቤዎ አላገኘሁም። ምናልባት እርሷም ከላይ “ሰው አትቅጠሪ” ተብላ ይሆናል። ይህ ግዴታውን አያነሣም፤ ግዴታው የድርጅቱ ነውና። ነገር ግን ንግግሩን ሊያለዝበው ይችላል፤ የእርስዎ ኢሜይል ለእርሷም ወደ ላይ የምታሳየው ማስረጃ ይሆናታል። ከውይይቱ በኋላ የተስማማችሁበትን በዚያው ቀን በአጭሩ ጽፈው ይላኩላት። የዎከር ረዳት የተነሣው በአንድ ወር ውስጥ እንደነበረ አይርሱና፣ ለአራተኛው ሳምንት ሌላ ቀጠሮ ከወዲሁ ይያዙ።

መልስ ካጡ ወይም “ሁላችንም ደክሞናል” ከተባሉ፣ ኦኪዩፔሽናል ሄልዝ ወደሚባለው የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያ እንዲልኩዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የባለሙያው ሪፖርት ከእርስዎ ቃል ይልቅ ከላይ ላሉት ይከብዳል። ከዚያም መደበኛ ቅሬታ ማቅረብ አለ። የዩኒየን አባል ከሆኑ ተወካይዎን ይዘው ይግቡ፤ ካልሆኑም አካስ የተባለው ተቋም በስልክ በነፃ ያማክራል። ወደ ኤችኤስኢ መጻፍ ይቻላል፤ ሆኖም የአንድ ሰው ጭንቀት ላይ ምርመራ የሚከፍተው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ በቤቱ ሌሎችም እንደ እርስዎ ታመው ከሆነ ነው ክብደት የሚኖረው። ሕመምዎ አንድ ዓመት ከቆየ ወይም ይቆያል ተብሎ ከተገመተ፣ የዕለት ተዕለት ኑሮዎንም በብርቱ ካወከ፣ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ መሠረት አሠሪው ምክንያታዊ ማስተካከያ የማድረግ ተጨማሪ ግዴታ ይመጣበታል፤ ስለዚህ ምልክቶቹ የጀመሩበትን ጊዜ ዛሬውኑ ይጻፉ።

የባለቤትዎን ሐሳብ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት አቅልዬው አይደለም። መልቀቅ መብትዎ ነው፤ ጤና የሚያሳጣ ሥራ ላይ ሙጭጭ ማለት ግድ አይደለም። ነገር ግን አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ፦ ያ የምክትሉ ሥራ ከላይዎ ቢነሣ፣ ያንን ቤትና እነዚያን አረጋውያን ይወዱታል? ስድስት ዓመት የቆዩበት ምክንያት ይኖርዎታል። መልስዎ አዎ ከሆነ፣ ኢሜይሉን ልከው ለአንድ ወር የሚሆነውን ይዩ። መልስዎ አይሆንም ከሆነ ደግሞ በሕመም ፈቃድ ላይ እያሉ፣ በንዴት ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገቡ፤ ሥራ ለቆ አሠሪን መክሰስ የራሱ ቅድመ ሁኔታና አጭር የጊዜ ገደብ ስላለው አስቀድመው አካስን ወይም ዩኒየንዎን ያማክሩ።

ፋይልዎ ላይ አሁን ያለው “ሦስት ሳምንት ቀረች” የሚል መስመር ብቻ ነው። ለምን እንደቀሩና ምን እንደጠየቁ የሚናገረውን ወረቀት ከጎኑ የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት። ኢሜይሉን ከኀሙስ ባያሳልፉት ጥሩ ነው፤ ማናጀርዎ ሮታውን ከማውጣቷ በፊት ዓርብን ሙሉ ቀን ታገኛለች። ለጂፒዎም በዚያው ጠዋት ይደውሉ፤ ወረቀቱ እሑድ ስለሚያበቃ ለሰኞ ማለዳ ቀጠሮ ማግኘት ይቸግራል።